አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሱ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያው ከአንገቷ የሚወርደው ስትተኛ ብቻ ነው። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። «እህቴን ሰላም ስትሏት ሆዳችሁን ሳብ አድርጉ፤ ወገባችሁን ሳትለካ አትለቃችሁም» እያለ ያስቃል። እሷም አትቆጣም። ዓይን ይዋሻል፣ ቁጥር አይዋሽም ባይ ናት።

ኤች አይ ቪ መቼ እንደያዛት ያወቀችው ወደ ኋላ አስባ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ሰሞን እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ጉሮሮዋ ስር እብጠት ወጣ፣ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ከዚያ ሁሉም በራሱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ራስ ምታት እንኳ ብርቋ ነበር። ቫይረሱ ግን አልተኛም፤ ውስጥ ውስጡን ይሠራ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ እሷም ትከሳ ጀመር፣ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣባት፣ ጎኗን አልማዝ ባለጭራ ገሸለጣት። ተመረመረች። የሲዲ ፎር ቁጥሯ ሰማንያ ስድስት።

«ሲዲ ፎር ማለት» አለቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ሌሎቹን የሰውነት ወታደሮች ተነሱ፣ ውጡ፣ ተዋጉ የሚል አዛዥ ነው። ጤነኛ ሰው ከአምስት መቶ በላይ አለው። ቫይረሱ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው፤ የሚገድለውም እነሱን ነው።»

መድኃኒቱን ጀመረች፤ ማታ ማታ አንድ ክኒን። ቁጥሩ ሁለት መቶ ገባ፣ ከዚያ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከዓመታት በኋላ ስድስት መቶ አሥር። ሜትር እንደ ልጅ ቦረቀች። ነርሷ ሌላም ውጤት ትነግራት ነበር፤ ቫይራል ሎድ የሚሉትን፣ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን። የእሱ መልስ ሁልጊዜ «አልታየም» ነው። ሜትር ይህን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈሰዋለች። ያልታየ ነገር ምኑ ይለካል? እሷ የምትወደው የሚያድገውን ነው።

ወንድሟ በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ሰው በማያውቀው ቦታ እንደተመረመረ፣ ቫይረሱ እሱም ጋ እንደተገኘ ነገራት።

«በል ተነሥ፣ ነርሷ ጋ እንሂድ» አለችው።

«አብደሻል? ጤና ጣቢያው እኮ ከወርክሾፔ ፊት ለፊት ነው። እዚያ በር ስገባ ያየኝ ሰው በር ያሠራኛል?»

«ሌላ ሰፈር እንሂዳ።»

«እሺ እትዬ፣ እሄዳለሁ።»

ነገ ዛሬ ሲል ከረመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። ሱሪው ከወገቡ ሲንሸራተት ባየች ጊዜ ግን ልቧ ተሸነፈ። የእኔ ስድስት መቶ አሥር ነው፣ አለች በልቧ፤ ይተርፈኛል። ትርፍ ጨርቅ እንደሚቀደድ አድርጋ አሰበችውና ክኒኗን ታካፍለው ጀመር። አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሱ።

መጀመሪያ ላይ የተሳካ መሰለ። ወንድሟ ትንሽ ሥጋ ለበሰ፣ ቀልዱ ተመለሰ። «ሜትር፣ ሱሪዬን አጥብበሽ ነበር፤ አሁን ፍቺልኝ!» እያለ ይመጣል። እያንዳንዳቸው በየሁለት ቀኑ አንድ ክኒን እየዋጡ ከዓመት በላይ ሄዱ።

የዓመቱ የደም ምርመራዋ ውጤት ሲመጣ ነርሷ በሩን ዘጋች።

«ሲዲ ፎርሽ አምስት መቶ አርባ ነው።»

«ተመስገን!»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ቫይረሱ በአንዲት ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ሰባ ሁለት ሺህ ሆኗል።»

«ተሳስታችሁ ይሆናል። አምስት መቶ አርባ እያለኝ?»

«እሱ ላይ ነው የተሸወድሽው። ሲዲ ፎር ዛሬ ትንሽ ከፍ ነገ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጉንፋን እንኳ ያወርደዋል። የሚያልቀውም ቀስ ብሎ ነው። ጨርቅሽ ውስጥ ብል ሲገባ አስቢው። ጣቃውን ስትለኪው ያው ሙሉ ነው፤ ሜትሩ አይጎድልም። ብሉ ግን ገብቷል። ቫይራል ሎድ ብሉን ነው የሚቆጥርልሽ። ጨርቁ እስኪጎድል ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መድኃኒትሽን በቀጠሮሽ ቀን ከዚህ ትወስጃለሽ። ታዲያ ማን ነው የሚውጠው?»

ሜትር የመለኪያውን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየችና ሁሉንም ዘረገፈችው።

ነርሷ አልጮኸችም። ያ ነው የባሰው። «ግማሽ መድኃኒት ቫይረሱን አይገድለውም፤ ያስተምረዋል። መድኃኒቱን ለምዶ ማምለጫ ያገኛል፤ ያንቺም የእሱም። ለእሱ ምሕረት ያደረግሽ መስሎሽ ጊዜውን ነው የወሰድሽበት። አሁኑኑ አምጪው። ዛሬ።»

መንገዱን ተሻግራ ወርክሾፑ ገባች። ወንድሟ ግንባሩን ይዞ ብረት ላይ ተቀምጧል።

«ሰሞኑን ራሴን እየፈለጠኝ ነው፤ የብየዳው ብርሃን ይሆናል» አላት።

ነገረችው። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አንድም ቀልድ አልመጣለትም። «እሺ እትዬ። ይቺን በር ላስረክብና ሰኞ አብረን እንሄዳለን። እኔ ልሙት፣ ሰኞ።»

እሷም እሺ አለች። እጁን ይዛ መጎተት ትችል ነበር፤ ሰው ያየናል ብላ ተወችው።

ሰኞ ራሱን ከትራስ ማንሳት አቃተው። ሆስፒታሉ ማጅራቱን ያደረቀው ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ነው አለ፤ አዛዦቹ ሲያልቁ የሚመጣ፣ ጤነኛን ሰው የማይደፍር በሽታ። ደሙን ለኩ።

«ስንት ሆንኩ፣ ሜትር?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ሃያ ዘጠኝ...» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሳንቲ ቢሆን ለአግዳሚ ወንበር ቁመት እንኳ አይበቃም።»

ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ወሩ ሳያልቅ አረፈ።

እሷ ክኒኗን በየቀኑ መዋጥ ጀመረች፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ግን ቫይረሱ ብዙም አልወረደም። እንደተባለውም መድኃኒቱን ለምዶት ኖሯል። ሌላ ዓይነት ቀየሩላት፤ ከበድ ያለ፣ ሆድ የሚያውክ። በስድስተኛው ወር ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ሮጣ መጣች፤ ቫይረሱ ከሚታይ መጠን በታች ወርዷል። አቀፈቻት።

ሜትር በነርሷ ትከሻ ላይ እንደተደገፈች ጠየቀች። «ወንድሜ ሊነግረኝ ሱቄ የመጣ ቀን፣ ሲዲ ፎሩ ስንት ይሆን ነበር? አራት መቶ? ሦስት መቶ?»

«ማን ያውቃል፣ እህቴ። ማንም አልለካው።»

«ሁለት መቶ እንኳ ቢሆን ይደርሱለት ነበር?»

ነርሷ ለማጽናናት ብላ መዋሸት አልሆነላትም። «በዚያ ቁጥር መድኃኒት ከጀመረ ብዙ ሰው ይተርፋል» አለች።

ሜትር ዛሬም ትሰፋለች፤ ክኒኗንም ሳታዛንፍ ትውጣለች። ደንበኛ ትከሻውን ሊያስለካ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አንዳንዴ እጇ ይዘገያል። ያን የወንድሟን ቁጥር እየገመተች ነው። ሦስት መቶ ትላለች በልቧ፤ ከዚያ ሦስት መቶ ሃምሳ። ባሳደገችው መጠን ቁጭቱ አብሮ ያድጋል።