ልቡ የሚጠራው ስም

የሚኒባስ ሹፌሩ ኣደም ንዴቱን መሪው ላይ ይወጣ ነበር። ረዳት አይበረክትለትም፤ ተሳፋሪ መልስ ቢጠይቀው እንኳ ይገነፍላል። የሰፈሩ፣ የሓድነት፣ ሰው ግን የደረሰበትን ስለሚያውቅ ይችለው ነበር።

በጦርነቱ ከተማው ተከቦ ነዳጅ በጠፋበት ወራት፣ ልጁ ሩቅያ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ሚኒባሱ በር ላይ ደርቆ ቆሟል። ኣደም ሮጦ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ጎረቤቱ ጎይቶም የጭነት መኪና ባለቤት ነው፤ ናፍጣ ለመነው።

«ኣደም ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ጠብታ ቢኖረኝ እነፍግሃለሁ?» አለው ጎይቶም።

ልጅቱን በእጅ ጋሪ እየገፉ ሆስፒታል ሲያደርሷት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። አልተረፈችም።

ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ለተመድህን የምትባለው የጎይቶም ሚስት ነገሩን መሸከም አቃታት። ለኣደም ሚስት ለዘይቱና እያለቀሰች ተናገረች፦ ያን ዕለት ቤታቸው ከጭዱ ሥር አንድ በርሜል ናፍጣ ተቀብሮ ነበር። ባሏ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብሎ ነው የደበቀው።

«ከዚያ የከፋ ቀን ሊመጣበት ኖሯል?» አለ ኣደም ሲሰማ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም እህልም አልስማማ አለው። በመጨረሻ ዘይቱና ሼኽ ዓብደልዋሲዕ ዘንድ ወሰደችው። ሐሙስ ሐሙስ ከዓስር ሶላት በኋላ እሳቸው ግቢ ዚክር ይደረጋል፤ ሰው ክብ ሠርቶ የአላህን ስም እየደጋገመ ይጠራል።

ኣደም ክቡን ገብቶ ተቀመጠ። «ላ ኢላሃ»፣ አምላክ የለም፣ ሲባል ጭንቅላት ወደ ቀኝ ይነሣል፤ «ኢለሏህ»፣ ከአላህ በቀር፣ ሲባል ወደ ግራ፣ ወደ ልብ፣ ይመታል። ድምፁ እየፈጠነ፣ እየከበደ ሄደ። ጎኑ ያሉት ሽማግሌ እንባቸው ይወርዳል። እሱ ግን ምላሱ አብሮ ሲሮጥ ውስጡ በርሜሉን ያያል። ለሳምንታት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ሰው ሲበተን ቀርቶ በቁጣ ተናገረ።

«ሼኽና፣ አልሠራልኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። ልጄን እንድረሳ፣ ሰውየውን ይቅር እንድል ከሆነ የምትደክሙት፣ ተዉኝ።»

«ማን እርሳ አለህ? ዚክር ማለት ማስታወስ ነው እንጂ መርሳት አይደለም» አሉ ሼኹ። «አንተ ደግሞ ዚክር ሳትማር በፊትም ዛኪር፣ አስታዋሽ፣ ነበርክ፣ ወደይ፣ ልጄ። ጧት ስትነሣ፣ መሪ ስትይዝ፣ ስትተኛ ማንን ትጠራለህ?»

መልሱን ሼኹ ራሳቸው ሰጡ።

«ጎይቶምን። ደጋግመህ ጠርተህ ከምላስህ ወደ ቀልብህ አወረድከው፤ አሁን አንተ ባትጠራውም ቀልብህ ራሱ ይጠራዋል። እኛም የምንፈልገው እንዲሁ ነው፣ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። መጀመሪያ ምላስ ይላል፣ ልብ ይዘነጋል። ኋላ ልብ ምላስን ይሰማል። ኋላ ምላስ ቢያርፍም ልብ አያርፍም።»

«ቁጣዬስ? የሞተችው ልጄ ናት።»

«ግፉ ግፍ ነው፣ አላቀለውም። ግን ‹ላ› ስትል የምትጠርገው ልብህ ውስጥ ጌታ ሆኖ የተቀመጠውን ሁሉ ነው። ነፍስያህ፣ ኩራተኛዋ ራስህ፣ ‹እኔን! እኔን ነው የናቀኝ!› ትልሃለች፤ እሷንም ጥረግ። ‹ኢለሏህ› ስትል ባለቤቱን አስገባ። የሚተርፍ ቁጣ ካለ ለልጅህ የምትቆጣው ነው፣ እሱን አትፍራው።»

ኣደም ተናድዶ ወጣ። ቢሆንም ጧት ጧት ከሱብሕ ሶላት በኋላ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ። ጎይቶም ሲመጣበት አይታገለውም፤ «ላ» ብሎ ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እሱ ራሱ አያውቅም። ቁጣው አልበረደም። ግን አንዳንዴ ራቅ ብሎ ሲነድ ያየዋል፤ እሱ ራሱ እሳቱ አይደለም።

የቀበሌው ሰው የሰፈር ኮሚቴ ሊመርጥ ተሰበሰበ። ጎይቶም ለእጩነት ተነሥቶ በከበባው ጊዜ ያለውን ለጎረቤት እንዳካፈለ ተናገረ። ኣደም ቆመ።

«ልጄ ስትሞት ቤትህ አንድ በርሜል ናፍጣ ነበረ። ጠየቅኩህ፣ የለም አልከኝ።»

ጎይቶም አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ለወታደሮችም ሸጧል! አሳልፎ ሰጥቶናል!» ወንበር ተገፋ፤ ጎረምሶች ወደ ፊት መጡ። አንዱ የጎይቶምን ኮሌታ ጨመደደ።

ኣደም ዝም ቢል ይበቃ ነበር። ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ይኸው ነው፤ ነፍስያው «ተው፣ ይቅመሳት» ስትለው ጥርት አድርጎ ሰማት። ደረቱ ውስጥ ግን ሌላው ስም፣ የጧቱ፣ ሳይጠራው ይመላለስ ነበር።

«ልቀቀው» አለ። «ለወታደሮች መሸጡን እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ያደረገው የነገርኳችሁን ነው። ያ ይበቃዋል፤ አትጨምሩበት።»

ጎረምሳው ለቀቀው። ጎይቶም አልተመረጠም። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ኣደም ሓወይ፣ ይቅርታ...»

«ዛሬ አይደለም» አለ ኣደም። «ገና እዚያ አልደረስኩም። ይቅር ብሎኛል ብለህም አታውራ።»

አልፎት ሄደ። ሚኒባሱን አስነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ጉዞ ጀመረ። ንዴቱ አሁንም እንዳለ ነው። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት መልስ ስትጠይቀው፣ ዘወር ሳይል ቆጥሮ ሰጣት።