«እጇን» ከሚለው ቃል በኋላ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለምትውል፣ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደመና ለብሳ የመጣች ትመስላለች። አንሶላ ስታጥፍ ታንጎራጉራለች፤ ግጥሙን ከየት እንዳመጣችው ብትጠየቅ አታውቀውም። የልቧ ምኞት ግን አንድ ነው፦ ከምድር ቤቱ ማጠቢያ ክፍል ወጥታ፣ አንሶላው የሚነጠፍበት ፎቅ ላይ ነርስ መሆን። የነርሶች ትምህርት ቤቱ ደግሞ አመልካቾቹን የሚመርጠው በሚጽፉት ድርሰት ነው።

እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲያባብል፣ ድርሰቷን ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ኮምፒውተር ነው ሥራው። ጽሑፉን ከብዙ ሰዎች ጽሑፍ ለተማረ የቋንቋ ሞዴል አስነበበው። ሞዴሉ ከላይ ጀምሮ፣ ቃል በቃል፣ አንዳንዴም ቃሉን ቆራርሶ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። የጠበቀው ከመጣ ፕሮግራሙ አረንጓዴ ይቀባዋል፤ ያልጠበቀው ከመጣ ቀይ።

«ገጹ ምነው መስክ መሰለ!» አለች።

«እታለም፣ ‹ከልጅነቴ› ካልሽ በኋላ ‹ጀምሮ› እንደምትዪ ማን ያጣዋል?»

«‹አንሶላ› ያልኩትስ? እዚህ ቀይ ነበር፣ ታች ሲወርድ አረንጓዴ ሆነ። ምን በድሎ ነው?»

«ላይ አንብቦታላ! መጀመሪያ እንግዳ ነበር፣ አሁን ተዋውቀዋል።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ዓይኗ መጨረሻው አንቀጽ ላይ አረፈ። «እናቴ ስታርፍ እጇን ይዤ ነበር።» ከ«እጇን» በኋላ ያለው ሁሉ ለምለም አረንጓዴ ነው።

«ሁሉም የሚለው ከሆነ ላውጣው?»

«ቀለሙ እውነትና ውሸት አይለይም። ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚጽፍ ጠበቀው እንጂ። እውነት ከሆነ ይቆይ» አለ።

እውነት እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። እናታቸው ያረፈች ቀን እሷ ምድር ቤት ማሽን ላይ ነበረች። እጇን ይዞ የነበረው እሱ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ቦታህን ወሰድኩብህ» አለች ቀስ ብላ።

«ውሰጂው፣ እኔ ምን ይሠራልኛል? ፈታኞቹን ሆዳቸውን የሚያባባው እሱ ነው። እሱ ከወጣ ትምህርቱም ሊያመልጥሽ ይችላል።»

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው። ከዚያ ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ ብላ ጻፈች፦ «እናቴ ስታርፍ እጇን የያዘው ወንድሜ ነው። እኔ ምድር ቤት የሌሎችን እናቶች አንሶላ አጥፍ ነበር። ስደርስ እሷ ቀዝቅዛለች፤ የእኔ መዳፍ ግን ከማድረቂያው እንደወጣ ይሞቅ ነበር።»

እንደገና አስነበበው። ከላይ ያለው እንዳለ ነው፤ ከ«እጇን» ወዲህ ግን ገጹ ጀንበር እንደገባችበት ሰማይ ቀላ። በመሃሉ «ነበር» ብቻ እንደ ልማዱ አረንጓዴ።

እሱ ቀለሙን አላየም።

«መዳፍሽ ይሞቅ እንደነበር አልነገርሽኝም» አላት።

«አልጠየቅከኝማ።»

ይቀበሏት አይቀበሏት አታውቅም። ከላይ ያለውን መስክ እንደለመለመ፣ መጨረሻውን እንደቀላ ትታ፣ «ላክ» የሚለውን ተጫነች።