ከበርበሬው ጀርባ የቆመው ጡብ

ሱቃችን ከምድር ወደ ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። መርካቶ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ለልብስና ለመጋረጃ ነጋዴ ምንም ማለት አይደለም፤ ልብስ ፈላጊ እየዞረ፣ እያማረጠ ይወጣል። ሩብ ኪሎ በርበሬ ለመግዛት ግን ማን ደረጃ ይወጣል? የባልትና ደንበኛ መንገድ ስታልፍ ነው የምታየው። ጎንበስ ትላለች፣ በጣቷ ቆንጠር ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ዋጋ ትጠይቃለች።

የቆርቆሮው ሱቃችን ፈርሶ በቦታው ፎቅ ሲሠራ ዕጣ ወጣ፤ ለእኛ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ሱቁን የከፈተችው አክስቴ ናት፣ እኔ ሳልወለድ። ዕጣውን ስታይ "እሰይ፣ በቁሜ ሰማይ ቤት ገባሁ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ጉልበቷን ስለሚያማት ቀን በቀን መውጣት አትችልም። ዛላውን መርጣ የምትገዛው፣ የምታሰጣው፣ ቅመሙን የምትመጥነው እሷ ናት፤ የምሸጠው እኔ። አሁን ግን ማን ይግዛኝ? የድሮ ደንበኞቻችን እታች መጥተው፣ ሱቁን ሲያጡ ጊዜ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

ሱቁን ለመጋዘን የሚፈልግ ጫማ አስመጪ ነበር። አክስቴ አንድ ቀን በደረጃው መሐል ሁለት ጊዜ እያረፈች ወጣችና ደንበኛ የሌለበትን ሱቅ አየች።

"ስሚኝ" አለችኝ። "ጾም እስኪገባ አያለሁ። ሰው ከወጣ ዛላ እገዛለሁ። ካልወጣ ቁልፉን ለጫማው ሰውዬ እሰጠዋለሁ። ተቀምጠሽ ግድግዳ ስታዪ ከምታረጂ ይሻላል።"

ከዚያ ሱቅ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ከጎኔ መጋረጃ የሚሸጥ፣ ነገር የማያልቅበት ጎረቤት አለኝ። እሱ ነው "ታች በሩ ላይ ባነር ስቀይ እንጂ! ሰው በሕልሙ አይቶሽ እንዲመጣ ነው እንዴ የምትፈልጊው?" ያለኝ። የሱን መጋረጃ የሚያሳየውን ፖስተር ሥዕል ያወጣው በስልኩ እንደሆነ ነገረኝ። የምትፈልጊውን ትጽፊያለሽ፣ ኤአይ የሚሉት ፕሮግራም ይሥልልሻል፣ አለቀ። ስልኬ ላይ ጫነልኝ። እኔ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ የቀረውን በማንበብም በመጠየቅም ለቃቅሜ ነው እዚህ የደረስኩት። ስለዚህ አዲስ ነገር አያስፈራኝም፤ ያናድደኛል እንጂ።

መጀመሪያ የጻፍኩት "የባልትና ሱቅ ፖስተር ሥራልኝ፣ 'ባልትና ሦስተኛ ፎቅ' ብለህ ጻፍበት" የሚል ነበር። ወጣ። አንድ ጥምጣም ያሰረ ጢማም ሰውዬ በእንጨት ሳህኖች መሐል ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ የቀረፋ ክምር፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው የማላውቀው ቅመም። ከላይ ትልቅ ጽሑፍ አለ። ከሩቅ ፊደላችን ነው፤ ቀረብ ብለሽ ስታነቢው ግን "ሀ" የመሰለው ሀ አይደለም፣ "ባ" የመሰለው ሦስት እግር አብቅሏል።

ለአክስቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"ማንም አይደለም እትዬ፣ ማሽኑ ነው የፈጠረው።"

"እና ያልተፈጠረ ሰው ነው በርበሬዬን የሚሸጠው?"

ጎረቤቴ ያኔ አንድ ነገር አስረዳኝ። ይሄ ነገር ባልትና ምን እንደሆነ ገብቶት አይደለም የሚሥለው፤ ካያቸው ብዙ ሥዕሎች ነው የሚቀዳው። የኛን አገር ሱቅ ጥቂት ነው ያየው፤ ስለዚህ ሌላ አገር ብዙ ያየውን ያመጣልሻል። ፊደሉንም ቅርጹን ነው የሚያስመስለው። እኔም አሰብኩበት። አገራችንን ለማያውቅ እንግዳ "ሰፌድ አምጣ" ብትዪው አያመጣም። "ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሳር የተሰፋ" ካልሽው ግን ፈልጎ ያገኘዋል። ስሙን ትቼ መልኩን መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፉንም ተውኩት፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይተውልኝና ፊደሉን ባነር የሚያትመው ሰውዬ ይጽፈዋል።

ሁለተኛው ሥዕል ተሻለ፤ ሰፌድም ወጣ። ግን በርበሬው ላይ የእንጨት ማንኪያ ሰካበት። "ማንኪያ እንዳታደርግ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ማንኪያ አመጣ። "ምንም ዓይነት ማንኪያ አልፈልግም!" አልኩት፤ በዙሪያው ደረደረልኝ።

"ተናደደብሽ" አለ ጎረቤቴ እየሳቀ። "ማንኪያ የሚለውን ቃል ባነሳሽ ቁጥር ማንኪያ ነው የሚያየው። ስሙን አታንሺበት። ያለውን ብቻ ንገሪው።"

እውነቱን ነው። "ሰፌዱ ላይ የተከመረ ቀይ በርበሬ ብቻ፣ ላዩ በእጅ የተደለደለ" ብዬ ስጽፍ ማንኪያው ሁሉ ጠፋ። ሥዕሉ በጣም አማረኝ። የጠዋት ፀሐይ የመሰለ ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ በርበሬው እንደ እሳት ቀይ ነው፣ ከኋላው ያማረ ቀይ የጡብ ግድግዳ አለ። ስለ ግድግዳው ምንም አልጻፍኩም ነበር፤ ራሱ ያመጣው ነው። ደስ ብሎኝ ተውኩት።

ባነር የሚያትመው ሰውዬ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ሥዕሉን በቴሌግራም ልኬለት ነበር፤ በኮምፒውተሩ በባነሩ ልክ አስፍቶ ሲያሳየኝ በርበሬው ጭጋግ ሆነ። "እትዬ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልኩት ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ይላኩልኝ። ደግሞ ባነሩ ቁመታም ነው፤ የርስዎ ሥዕል ግን ቁመቱም ስፋቱም እኩል ነው። ሲያሠሩት ቁመታም ይበሉት" አለኝ። ተመልሼ ቁመታም አስደረግኩት፣ በትልቁ አወረድኩት፣ እንደ ፋይል ላክሁለት። እሱም በጉልህ "ባልትና — ሦስተኛ ፎቅ" ብሎ ጻፈበት። እታች በዋናው በር በኩል ተሰቀለ።

ያን ቀን ጠዋት ሱቄን ጠርጌ ጠበቅኩ። ሰው አልወጣም። ከሰዓት ወረድኩና ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሰው ያየው እንደሆነ ለማየት። ያያሉማ! ቆመው ነው የሚያዩት። ጆንያ የተሸከመ አንድ ሰውዬ ሸክሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ለጓደኛው እንዲህ ሲል ሰማሁት፤

"ይቺስ ሐቀኛ ናት። በርበሬውንም ጡቡንም አንድ ላይ አሳየች።"

"ፈጭታ ከምትደብቀን ይሻላል!" አለው ጓደኛው። ሁለቱም ሳቁ።

በርበሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ የተፈጨ ጡብ። ሸክላ ደቁሰው ክብደቱን ይጨምራሉ እየተባለ በየጊዜው ይወራል። እኔ ደግሞ በርበሬዬን ከጡብ ግድግዳ ፊት አስቀምጬ፣ ያውም በአንድ ዓይነት ቀለም፣ አደባባይ ላይ ሰቀልኩት! ዓመታት በርበሬ ሸጬ ይሄን አለማየቴ አሁንም ይገርመኛል። ሥዕሉ ማማሩን ብቻ ነበር የማየው።

ወደ ሱቄ ተመልሼ፣ ባነሩን ገና ሳላወርደው አንዲት ሴት ወጣች። ነጠላዋን አጥብቃ፣ ዘንቢሏን ይዛ፣ እያለከለከች። በሩ ላይ ቆማ "የጡቡ በርበሬ ያንቺ ነው?" አለችኝ።

"በርበሬው የኔ ነው። ጡቡ የስልኬ ነው" አልኳት።

አልሳቀችም። "ውሃ ስጪኝ" አለች። ውሃ የጠማት መስሎኝ በብርጭቆ ሰጠኋት። ከሰፌዱ ቆንጠር አድርጋ ውሃው ላይ በተነችው። ያኔ ገባኝ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ብርጭቆውን እናያለን። ጡብ ቢኖርበት እንደ አሸዋ ወዲያው ታች ይቀመጣል። የኛ ተንሳፈፈ፣ ቀስ ብሎ ተበተነ፣ ውሃው ላይ ዘይት መሰለ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ሥሩን አየች።

"ይሄማ ንጹሕ ነው" አለች። "ታዲያ ለምን እንደዚያ ያለ ቀይ ሰቀልሽ? ያንቺ እኮ ጠቆር ይላል። ቅመም የገባበት በርበሬ መቼ እንደዚያ ይነድዳል?" ገዝታ ወረደች።

ማታ ይሄንን ለአክስቴ ስነግራት "ነግሬሽ ነበር ልል ነበር፣ ግን አልነገርኩሽም። እኔም አላየሁትም" አለች። ባነሩን አውርጄ ወደ ቤቷ ወሰድኩት።

እንደገና ጀመርኩ። "ጠቆር ያለ ቀይ" ስለው ቡናማ አደረገው። የራሴን በርበሬ ፎቶ አንስቼ አስገባሁለትና "ከኋላው ያለውን ብቻ ቀይር" አልኩት። ቀየረ፤ ግን በርበሬውንም ነካካው፤ አለሰለሰው፣ አበራው፣ የሰፌዱን ስፌት ሳይቀር እንደ አዲስ ሠራው። ለማያውቅ ሰው ያው ነው። ያቺ ሴት ግን ትይዘኛለች። ስልኩን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። በርበሬዬን እሱ ሊሥለው አይችልም፤ አይቶት አያውቅማ። ባነሩን የሚያይ ሰው ደግሞ ወጥቶ ያንኑ ካላገኘ ዳግመኛ አይመጣም። እሱ የሚችለው ሌላውን ነው።

ስለዚህ ሌላውን ሰጠሁት፦ ነጭ ግድግዳ፣ ደረጃ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ባለ ሁለት እጀታ የሳር ዘንቢል ይዛ ስትወጣ፣ ከሥር ባዶ ቦታ። አሁን የኋላውንም የጎኑንም እኔው ነኝ የምነግረው፤ ዝም ያልኩበትን ሁሉ ራሱ እንደሚሞላው ተምሬያለሁ። አንዱ ላይ ዘንቢሉን የያዘው እጅ ስድስት ጣት ነበረው፤ ጣልኩት። አንዱ ላይ ደረጃው ወደ ግድግዳ ገብቶ ይቀራል፤ እሱንም ጣልኩት። ደህናው ሲወጣ በጠዋት መስኮታችን ሥር በርበሬያችንን ሰፌዱ ላይ አድርጌ ራሴ ፎቶ አነሳሁት፣ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ። አታሚው ሁለቱን አንድ ላይ አደረገልኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍበት?" አለኝ።

"ባልትና፣ ሦስተኛ ፎቅ። ውሃው ተቀድቷል፣ ወጥተው ይሞክሩት።"

መጀመሪያ የወጡት ሊስቁብኝ ነው። ውሃው ላይ ይበትናሉ፣ ያያሉ፣ አንዷ ለሌላዋ "ተንሳፈፈ አይደል?" ትላለች፣ ከዚያ ዘንቢል ይከፈታል። ጎረቤቴ መጋረጃውን ትቶ እየመጣ ብርጭቆ ያጥብልኛል። "የበርበሬ ላቦራቶሪ" ነው የሚለኝ። ጾም ሊገባ ሲል ከሽሮው ፊት ሰው ተሰልፎ ስለ ሱቁ ሊጠይቅ የመጣው የጫማው ሰውዬ መንገድ አጥቶ ቆሞ አየሁት።

አክስቴ ይሄንን ስትሰማ በማግስቱ በርበሬ ተራ ሄዳ ዛላውን ራሷ መረጠች፣ በጋሪ አስጫነች። ቤቷ ስደርስ ያንን የጡብ ባነር ግቢው ውስጥ ፊቱን ወደ መሬት ገልብጣ፣ አራቱን ጥግ በድንጋይ አስይዛ፣ ዛላውን አስጥታበት ነበር።