ሳይወጡ የተሸጡ ፓምፖች

ናይሮቢ ውስጥ በኦዲተርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ የውሃ ፓምፕ አከፋፋይ ተላክሁ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ አዛውንት ኤርትራዊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተዋል። አማርኛዬን ሲሰሙ «የቤት ልጅ መጣችልን!» ብለው ሻይ አስመጡልኝ።

ሽያጭ አመዘጋገብ ላይ የማጭበርበር ስጋት አለ ብለን እንደምንነሳ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሌባ እያልሽኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ! ደንባችን ነው። የትም ብንሄድ ከዚህ ነው የምንነሳው፤ ስጋቱ የለም ካልን ምክንያቱን ማስረዳት ያለብን እኛ ነን።»

አልተዋጠላቸውም። ከዚያ በኋላ ፋይል ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ይመልሱልኝ ጀመር። ከፋኝ፤ ግን ሥራዬን ቀጠልኩ።

የድርጅቱ የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው በዲሴምበር መጨረሻ ነው። ከመዝጊያው በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት የተቆረጡ ኢንቮይሶችን መርጬ፣ ደንበኛው ከፈረመበት የርክክብ ወረቀትና ከጥበቃዎቹ የበር መዝገብ ጋር አመሳከርኩ። ድርጅቱ ዕቃውን ደንበኛው ደጅ ድረስ ስለሚያደርስ፣ ሽያጭ ሆኖ የሚመዘገበው ደንበኛው ሲረከብ ነው። ሦስቱ ኢንቮይሶች በዲሴምበር ሠላሳ ተቆርጠዋል፤ ፓምፖቹ ከበር የወጡት ግን በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራውን ልታዘብ በተገኘሁበት ቀን መጋዘኑ ጥግ «የተሸጠ» ተብሎባቸው ሳይቆጠሩ የታለፉ ሳጥኖች ትዝ አሉኝ። ማስታወሻዬን ብገልጥ፣ መለያ ቁጥራቸው ሦስቱ ኢንቮይሶች ላይ ካለው ጋር ያው ነው።

አለቃዬ ናሙናውን እንዳሰፋና በጃንዋሪ የተሰረዙ ሽያጮችንም እንዳይ አዘዘኝ። ሁለት ተጨማሪ አገኘሁ። ከዚያ አብረን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባን።

አዛውንቱ ወረቀቶቹን ደጋግመው አዩ። ኢንቮይስ የምትቆርጠውን ልጅ አስጠርተው ጠየቋት።

«የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ ‹ለዓመቱ ዒላማ ትንሽ ነው የጎደለን፣ ዕቃው ነገ ይወጣል› አለኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

አልተቆጧትም። መነጽራቸውን አወለቁና በአማርኛ «እኔ ማየት ነበረብኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት ፊት ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሽያጮቹ ከዓመቱ ገቢ ይውጡ፣ ፓምፖቹም በተገዙበት ዋጋ ወደ ክምችት ይመለሱ አሉ። ባለቤቱ ትርፉ ስለሚቀንስ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ግን ተስማማ። እኛም ጉዳዩን ለቦርዱ በጽሑፍ አሳወቅን። የሽያጭ ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከሽያጭ የሚያገኘው ኮሚሽንም ከዚያ ወዲያ በኢንቮይስ መሆኑ ቀርቶ በተፈረመ ርክክብ እንዲታሰብ ተወሰነ።

የዚያን ቀን አዛውንቱ ምሳ ሊጋብዙኝ ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለ ምግብ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። እየበላን «የበር መዝገቡን ያየሽበትን መንገድ ለክፍሌ ልጆችም አሳዪልኝ፤ እናንተ እስክትመጡ ለምን እንጠብቃለን?» አሉኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ ኢንቮይስ ቆራጯ ደብተር ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ጥያቄ በጥያቄ አጣደፈችኝ።