ከታች ወደ ላይ ማንበብ

ባለቤቴ ካረፈ አርባው ወጥቷል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ አረፍተ ነገር አላልፍም። ዛሬ የቆርቆሮ በራችን ላይ እንጽፋቸው ስለነበሩት ቁጥሮች ልጻፍ።

እሱ በቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር ነበር። ስትሮክ ከመታው በኋላ ግራ እጁ ደከመ፤ ንግግሩም ዘገየ። ኮሌጁ ቦታውን ይዞለት ስለነበር ከሴሚስተር ዕረፍት በኋላ ሊመለስ ቆርጦ ነበር። ያስፈራው የነበረው እጁ አልነበረም፣ ጭንቅላቱ እንጂ።

«በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ስጪኝ» አለኝ። «ወደ ባይነሪ፣ በዜሮና በአንድ ብቻ ወደሚጻፈው ቁጥር እለውጠዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ መልሰሽ ታረጋግጫለሽ። ከሳትኩ ክፍል አልገባም። ፈራጇ አንቺ ነሽ።»

«የአማርኛ አስተማሪ የሂሳብ ፈራጅ!»

«እሱማ የኔ ዕድል ነው» አለና ሳቀ።

ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነው ቤታችን። ጠዋት ፀሐይ በሩን ስትመታው ወንበሩን አወጣለትና ጠመኔውን ይይዛል። ኮሌጅ ሳለ በኮቱ ኪስ የሚቀረው ስብርባሪ አሁን ጠቀመን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ለሁለት ይከፍላል፣ ቀሪውን ዜሮ ወይም አንድ ብሎ በጎኑ ይጽፋል፣ የደረሰውን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል፤ ድርሻው ዜሮ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ቀሪዎቹ ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ። መመለሱን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከግራ ጀምሬ ያለኝን በሁለት አበዛና ቀጣዩን አሃዝ እደምርበታለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ሄደ። አንድ ቀን ሃያ ሰባትን ሰጠሁት፤ 11011 አለ። መልሼ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሰባት። እጁን ሳምኩት።

በማግስቱ ሃያ ስድስት አልኩት። አሥራ ሦስት፣ ቀሪ ዜሮ። ስድስት፣ ቀሪ አንድ። ሦስት፣ ቀሪ ዜሮ። አንድ፣ ቀሪ አንድ። ዜሮ፣ ቀሪ አንድ። ጠመኔው አልተንቀጠቀጠም። ከሥሩም መልሱን ጻፈ፤ 01011።

መልሼ ስቆጥር አሥራ አንድ መጣ። ደገምኩት፤ ያው አሥራ አንድ።

ከላይ ወደ ታች ነበር ያነበበው። ድሮ የፈተና ወረቀት ሲያርም «ዛሬም ከላይ አነበቡት! ከፊት ዜሮ ሲያዩ እንኳ አይነቁም» እያለ ሲስቅ የምሰማው ስህተት ነው። ያኔ ነው ሃያ ሰባት ትዝ ያለኝ። የሃያ ሰባት ቀሪዎች ከላይም ከታችም ቢነበቡ ያው 11011 ናቸው። ትናንት እጁን የሳምኩለት መልስ ምንም አልመሰከረለትም ማለት ነው።

«ስንት መጣልሽ?» አለኝ።

«አሥራ አንድ።»

ቀሪዎቹን በጣቱ እየነካ ከታች ወደ ላይ ወጣ። «ከላይ አነበብኩት» አለ ቀስ ብሎ።

«ማካፈሉ ግን ልክ ነው። አንዱንም አልሳትክም።»

«አዎ።»

«ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ?»

«አራት።»

«አራት ያገኘ ሰው ደግሞ ወደቀ ይባላል እንዴ?»

«ተማሪ አይወድቅም» አለ። «አስተማሪ ግን ይወድቃል። ሠላሳ ልጅ ተገልብጦ የተነበበ ቁጥር ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይዞ ይሄዳል፤ ማን ያርምላቸዋል?»

ከኮሌጁ ሲደውሉለት ራሱ ስልኩን ተቀብሎ አልመጣም አላቸው። ቃሉን ጠብቆ ሲናገር ድምፁ ከሰነበተበት ሁሉ የጠራ ነበር። ከዘጋው በኋላ ኮቱን አውልቆ ኪሱን ገለበጠና የቀረውን ጠመኔ መስኮቱ ላይ ደረደረው።

የቁጥሩ ነገር በዚሁ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን ራሱ እየጎተተ ሲያወጣ ሰማሁት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ቁጥር አትሰጪኝም?»

«ክፍል አልገባም ብለህ የለ?»

«አልገባም። ማካፈሉን ግን አልተውኩም። አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። እሱ እያካፈለ ቀሪዎቹን ይጽፋል፤ ሲጨርስ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ጎንበስ ብዬ ከታች ጀምሬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እሱ በቃሉ መልሶ ይቆጥራል። በዚያ በኩል አንድ ቀን እንኳ አልሳተም።

የመጨረሻው ቁጥራችን አርባ አራት ነበር። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያልኩ አነበብኩለት። በእያንዳንዱ ላይ እየተከተለኝ ያንሾካሹካል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ከመጨረሻው ዜሮ በኋላ ጥቂት አስጠበቀኝ፤ ሆን ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ።

«አርባ አራት፣ እመቤቴ» አለና ዓይኑን ገለጠ።