ለሚካኤል አጥቢያ የነበረው ቀጠሮ

ባለቤቴን «የሰዓቱን ነገር ለእኔ ተዪው» ያልኳት ማክሰኞ ቀን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ እንዳይቃጣኝ ነው። ብዙ የማላክክባቸው ነገሮች ነበሩ፤ ኢንተርኔቱ፣ መብራቱ፣ ካናዳ። አንዳቸውም ጥፋተኛ አልነበሩም።

እኔ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ሰሌዳው ላይ ክብ እሥላለሁ፤ በየአሥራ አምስት ዲግሪው መስመር አሰምራለሁ፤ መሬት አሥራ አምስት ዲግሪ በዞረች ቁጥር አንድ ሰዓት ይለወጣል እላለሁ። ተማሪ ሲሳሳት እበሳጫለሁ። ባለቤቴ ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች መምህርት ናት። አምስት ዓመት ሙሉ የዶክትሬት ትምህርት ዕድል ፈልጋለች፤ ማመልከቻ ጽፋ፣ ውድቅ ተደርጋ፣ እንደገና ጽፋ። በስድስተኛው ዓመት ምዕራብ ካናዳ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ለአንዲት ቦታ የተመረጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ደብዳቤው ቀጠሮው ሐሙስ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው ይላል።

«እኛ ጋ ስንት ሰዓት ይሆናል?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁና እንደ ክፍል ውስጥ እያስረዳኋት አሰላሁ። እነሱ ከእኛ ወደ ኋላ ናቸው። ሌላ ጊዜ ልዩነታችን አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ሰኔ ላይ ግን ለበጋቸው ሲሉ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ስለገፉት አሥር ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ አልኳት። እሺ፤ ከቀኑ ሦስት ማለት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ አምስት ነው። አሥራ አምስትና አሥር፣ ሃያ አምስት። ከሃያ አራት ስላለፈ እኩለ ሌሊትን ተሻግረናል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ይጨመራል፣ አንድ ሰዓት ይተርፋል። አርብ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት። ቀኑም በፈረንጅ ጁን አሥራ ዘጠኝ፣ በእኛ ሰኔ አሥራ ሁለት። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ ስድስት ይቀነሳል፤ ከአንድ ላይ ስድስት አይቀነስምና አሥራ ሁለት ተበድሬ፣ ሰባት። በትልልቁ ጻፍኩት፦ «አርብ ሰኔ 12፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት»። በፕላስተር የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት።

«እንቅልፍ ይዞሽ እንዳይሄድ አርብ ከሰዓት ትንሽ ትተኛለሽ» አልኳት። እሷም እሺ አለች። ለአርብ ማታ የሚያስፈልገውን ሁሉ አዘጋጀን። የሞባይል ዳታ ገዛን፤ መብራት ቢሄድ ብለን የጎረቤት ባትሪ ተዋስን።

ሐሙስ ከሰዓት አማቴ ከጋፋት መጡ። አማቴ መሪጌታ ናቸው፤ ገብስም ያርሳሉ፣ ማኅሌትም ይመራሉ። በማግስቱ ሰኔ ሚካኤል ስለነበረ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ለመቆም ነበር የመጡት። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደተቀመጡ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ይሄ የልጄ ቀጠሮ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ዛሬ ሌሊት ነዋ! እኛ ማኅሌቱን ስንቆም እሷ ትጠየቃለች። ጥሩ ነው፤ ሚካኤል ይራዳታል።»

«አይ አባባ፣ ነገ ሌሊት ነው። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው፤ ወረቀቱ አርብ ነው የሚለው።»

«ሐሙሱንስ አውቃለሁ፤ የሐሙስ ገበያ ሰው እያየሁ ነው የመጣሁ» አሉኝ ሳቅ ብለው። «ግን ሰኔ አሥራ ሁለት ሌሊት ብለሃል ልጄ። የአሥራ ሁለት ሌሊት እኮ ዛሬ ማታ ነው የሚገባው። ነገ ሌሊትማ የአሥራ ሦስት ነው። ለየትኛው አጥቢያ እንደሆነ ሰዎቹን ጠይቀሃቸዋል?»

ትዕግሥቴ አለቀ። ድምፄን ግን አላነሣሁም፤ አማት ናቸው። «አባባ፣ እርስዎ የሚሉት የቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ነው። ይሄ የፈረንጅ ነው፤ ለብቻው ነው የሚሰላው። አይጨነቁ።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እስቲ አንዴ ድገመው» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ» አልኳት። ውሸት ነበር፤ አንድ ጊዜ ነው ያሰላሁት። እሷ ወረቀቱን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «እሱ የሙያው ነው አባቴ» አለች በመጨረሻ። አማቴ መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከሚካኤል ተመልሳ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ስልኳን ከፈተች። ከካናዳ የመጣ ደብዳቤ ደጋግማ አነበበች። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ዘረጋችልኝ። ደብዳቤው አጭርና ትሑት ነበር፦ ዛሬ ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅንዎት፤ ስላልገቡ አዘንን፤ ደህና እንደሆኑ ተስፋ እናደርጋለን።

መጀመሪያ ያልኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ተሳስተዋል!» አልኩ። «ቀጠሮው ዛሬ ሌሊት ነው! ራሳቸው የጻፉትን ቀን የማያውቁ ሰዎች! ቆይ፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።» እውነትም ላፕቶፑን ከፍቼ ቁጣ የተሞላ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ባለቤቴ እጇን ቁልፎቹ ላይ አኖረች። «እዚያ አሁን ቀኑ ማን ነው?» አለችኝ።

ስልኬ ላይ የከተማውን ሰዓት አወጣሁ። ሐሙስ፣ ከምሽቱ አሥር ሰዓት። እዚያ ገና ሐሙስ ነው፤ የሐሙሱ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ግን ካለፈ ሰባት ሰዓት ሆኖታል። ዛሬ ሌሊት እኛ ከሌሊቱ ሰባት ስንል እነሱ ጋ አርብ ከቀኑ ሦስት ነው የሚሆነው። ሐሙስን እኛ ሳንገባበት አልፈነዋል።

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅዬ መስመር በመስመር አየሁት። እስከ «አርብ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት» ድረስ እንከን አልነበረውም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስቱን ስቀንስ እኩለ ሌሊትን ወደ ኋላ ተመልሼ ተሻግሬዋለሁ። ያ የተበደርኩት አሥራ ሁለት ሰዓት የመጣው ከሐሙስ ነው። ሰዓቱን ወደ እኛ ስመልስ ቀኑንም አብሬ ወደ ሐሙስ መመለስ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገና ትናንት ነው። እኔ ሰዓቱን በእኛ፣ ቀኑን በፈረንጅ አድርጌ አጋባኋቸው። ወይ «ሐሙስ ሌሊት» ማለት ነበረብኝ፣ ወይ «ለአርብ አጥቢያ»።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ ሌላ ነው። የፈረንጁም የቤተ ክርስቲያኑም ቆጠራ ያንን ሌሊት ለሰኔ አሥራ ሁለት ነው የሚሰጡት። አንዱ ከእኩለ ሌሊት፣ ሌላው ከማታ ቢጀምርም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለቱም ተስማምተው ነበር። አማቴ በማኅሌት ቆጠራ በትክክል ያነበቡትን ወረቀት እኔ የጻፍኩት ሰውዬ ማንበብ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ክብ ስሥል እጄ ይከብደኛል።

«ኔትወርክ ተቋርጦ ነው በያቸው» አልኳት። «ይሄን ማንም ያምናል። ሰሜን ኢትዮጵያ መሆናችንን ያውቃሉ።»

«አልዋሽም።»

«ውሸት አይደለም እኮ፤ በየሳምንቱ ይቋረጣል!»

«ሐሙስ ሌሊት አልተቋረጠም። ሐሙስ ሌሊት ተኝተን ነበር።» ድምፅዋን አላነሣችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችና ጻፈች፦ ሰዓቱን ወደ አገሬ አቆጣጠር ስመልስ ቀኑን ተሳሳትኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ዕድል ካለ እለምናለሁ። «የእኔ ነው» ያለችውን አይቼ «የባለቤቴ ነው በይ» አልኳት። «ማን እንዳሰላው ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ። ላከችው።

ቅዳሜና እሑድ ቤታችን ውስጥ ስለ ሰዓት አልተወራም። እሷ አምስት ዓመት የለፋችበትን ነገር እኔ በአንዲት መቀነስ አበላሸሁባት። ደጋግሜ «መለሱልሽ?» እላታለሁ፤ እሷም «እነግርሃለሁ» ትለኛለች። እሑድ ማታ ተበሳጨሁና «ከአሁን በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሰላዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰው አይሳሳትም እንዴ!» አልኳት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላኝ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ግራጫውን ሱሪና ኮት ለብሳ ወጣች። ያ ኮት የምርቃትና የስብሰባ ኮት ነው። «በጠዋት ስብሰባ አለ?» ስላት «አዎ፣ ግቢ» አለችኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አምስት ሰዓት ላይ አማቴ ደወሉልኝ። ከሰላምታ በኋላ «እንዴት ሆነላት?» አሉኝ።

«ምኑ አባባ?»

«አልነገረችህም?» አሉ። ከዚያ ነገሩን እየተጠነቀቁ ነገሩኝ። ካናዳ ያሉት መልሰውላት ነበር፤ ቃለ መጠይቁን የምታካሂደው ፕሮፌሰር የራሷን የምሽት ዕረፍት ትታ፣ ቀጠሮውን እዚያ ሰኞ ከምሽቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጋላታለች። «ለእኛ ማክሰኞ ሲነጋ አንድ ሰዓት ነው ብላ ልጄ ነግራኝ ነበር። እኔም ዘጠኝና አሥር አሥራ ዘጠኝ፤ አሥራ ሁለቱ ሲነሣ ሰባት፤ በእኛ አንድ፤ ነግቷልና ቀኑ ማክሰኞ ይባላል ብዬ አመንኳት። ተሳሳትን እንዴ ልጄ?»

«አልተሳሳቱም አባባ» አልኳቸው። በልቤ ደግሜ ቆጠርኩት፤ ልክ ነበር።

ለምሳ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ሳሎኑ መሐል ቆሜ ጠበቅኳት። እንዴት እንደነበር ጠየቅኳት፤ ፕሮፌሰሯ እዚያው ላይ እንደምትወስዳት ነግራታለች፣ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። አቅፌ ሳምኳት፤ እውነትም ደስ አለኝ፣ እንባዬም መጣ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን መያዝ አልቻልኩም።

«ለአባትሽ ነግረሽ ለእኔ ያልነገርሽኝ ለምንድን ነው?» አልኳት።

ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው።

«ብነግርህ ታሰላው ነበር» አለችኝ።