ለምን እንዳልመረጣችሁኝ ብትነግሩኝ

አባባ ጥፋቱን ለመሥሪያ ቤት የተናገረው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ መዘዞ ላይ የመንግሥት እህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ካድሬው ተነስቶ «ራሱን ያጋለጠ ጓድ አይነካም» አለ። ከአባባ በፊት የተናገሩት ሁሉ ብልጦች ነበሩ። አንዱ «ንባብ ላይ ደካማ ነኝ» ሲል፣ ሌላው «ስብሰባ አረፍዳለሁ» ሲል ይጨበጨብላቸዋል። የእኔ አባት ግን የምር መስሎት፣ የእህሉን መሸፈኛ ሸራ ሳያጠብቅ ሄዶ ዝናብ ጥቂት ጆንያ ስንዴ እንዳበላሸበት ተናገረ። ማንም አላጨበጨበም። በማግስቱ «አሻጥረኛ» ተብሎ ታሰረ።

እኔ ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር። ሲፈታ ሥራው የለም። ለምን እንደተባረረ እንዲነገረው ማመልከቻ ጽፎ ደብረ ብርሃን ድረስ ወሰደ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ «ለምን ብለህ ነው ለምን የምትለው? ስምህ እንደሆነ እኛው ጋ አለ» አለው። አባባ ከዚያ ወዲህ ለማንም ቢሮ ጥያቄ አቅርቦ አያውቅም። እኛንም ያሳደገን በሁለት ትእዛዝ ነው፤ ጥፋታችሁን ለቢሮ አትናገሩ፣ ስማችሁን ቢሮ አታስቀሩ።

ዓመታት አልፈው ደርግም ሄዶ፣ እኔ ደብረ ብርሃን በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ቆየሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ ቤት ዋልኩ። ሥራ ፈትቶ ቤት መዋልን የማያውቅ ሰው ዕረፍት ይመስለዋል። ጎረቤት በየቀኑ «እስካሁን አልተገኘም?» ይላል፤ እንዳልተገኘ እያየ ነው የሚጠይቀው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። እሱ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም፤ አሻጥረኛ ማን ጡረታ ይሰጠዋል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ለጥራት ተቆጣጣሪነት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የጽሑፍ ፈተናውን ጥሩ ሠራሁ። ከዚያ ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ «በሥራ ላይ የሠራሽውን አንድ ስህተት ንገሪን፤ ከዚያስ ምን አደረግሽ?» አለኝ። መልስ ነበረኝ። ዱቄት ፋብሪካው ሳለሁ አንድ ቀን የእርጥበት መለኪያው በትክክል መለካቱን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሳላመሳክር ቀርቼ እርጥብ ስንዴ አሳልፌ ነበር። እንደነቃሁ ለፈረቃ ኃላፊው ነግሬ ዱቄቱን ከመጋዘን ሳይወጣ አስቆምኩት። ለአባባ ያልነገርኩት የሕይወቴ ብቸኛ ምሥጢር ይሄ ነው። ሰዎቹ ፊት ግን የአባባ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። «ስህተት ሠርቼ አላውቅም» አልኩ። አንዷ ጠያቂ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ በዚህ ጊዜ ሌላ ተወዳዳሪ መርጠናል፣ መልካም ዕድል። ሦስት መስመር ብቻ! ጫማዬን አስጠርጌ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ሄጄ ሦስት መስመር። መጀመሪያ የጻፍኩትን መልስ እዚህ አልደግመውም። «ቦታው ቀድሞ ለዘመድ ተይዞ ነበር ወይ» የሚል ነበረበት፤ ከሱም የባሰ ነበረበት። ጽፌ ጨርሼ ሳልልከው አደርኩ። ጠዋት ሳነበው የምጠይቀው ነገር ሳይሆን የምሰድበው ሰው ፍለጋ እንደጻፍኩት ገባኝና አጠፋሁት።

ከዚያ እዚያው በመጣው ኢሜይል ላይ አጭር መልስ ጻፍኩ። ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰገንኩ። ውሳኔውን እንደምቀበል፣ ለክርክር እንዳልጻፍኩ ገለጽኩ። ጊዜ ካላቸው በቃለ መጠይቁ ላይ የትኛው መልሴ ደካማ እንደነበርና ለወደፊቱ ምን ባሻሽል እንደሚሻል እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ ተመሳሳይ ቦታ ሲከፈት ቢያስታውሱኝ ደስ እንደሚለኝ ጨመርኩ።

ልኬው ለአባባ ሳነብለት ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ።

«ስሜን ያዙልኝ ብለሽ በገዛ እጅሽ ለመንሽ?»

«አባባ፣ የሥራ ነው እኮ።»

«የእኔም የሥራ ነበር። ይልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። የሚያውቃቸው ሰው ፈልጊ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠመዳል።»

ብዙ ቀን መልስ አልመጣም። አባባ ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ መስሎት ቀና ይላል። ሁለተኛ ልጽፍ ብዬ ጨቅጫቃ እንዳልባል ተውኩት። ከዚያ አንድ ቀን የሰው ሀብት ክፍሏ ሴትዮ፣ ያቺው እስክሪብቶዋን ያስቀመጠችው፣ መለሰችልኝ። የጽሑፍ ፈተናዬ ከጥሩዎቹ አንዱ እንደነበር ነገረችኝ። «ስህተት ሠርቼ አላውቅም ማለትዎ ግን ጠያቂዎቹን አሳስቧል። በዚህ ሥራ ችግር ሲያዩ፣ የራስዎም ጥፋት ቢሆን፣ ወዲያው ተናግረው ማሽኑን ማስቆም አለብዎት። ለወደፊቱ የሆነውን፣ ያደረጉትንና ከዚያ ወዲህ የቀየሩትን በምሳሌ ያስረዱ» ይላል።

ስልኩን ይዤ አባባ ላይ ጮህኩበት። «ያንተ ትምህርት ነው ደጅ ያስቀረኝ! መልሱ አፌ ላይ ነበር!» አልኩት። ተነስቶ ወጣና እስኪመሽ ብርድ ላይ ተቀመጠ። እኔም ግባ አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለዓመታት የምጮህበት ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ለሴትዮዋ ምንም ሳልሟገት አመሰገንኳት። ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ምግብ ደህንነት አጭር ሥልጠና ስጨርስ፣ ያንኑ የድሮ መልእክታችንን አውጥቼ በእሷ ምክር ተነሳስቼ ሥልጠናውን እንደወሰድኩ፣ አሁንም ሥራ እንደምፈልግ በሁለት መስመር ጻፍኩላት። «ይዤዋለሁ» ብቻ አለች። በልግ ሲገባ ደወለች። ቦታ ስለተከፈተ ማስታወቂያው ሳያልፍ እንዳመለክት፣ ውድድሩ ግን እንደማንኛውም ሰው እንደሆነ ነገረችኝ።

ያው ክፍል ነው፣ ያው ጥያቄ መጣ። የእርጥበት መለኪያውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። አንዱ ጠያቂ አጎንብሶ ሲጽፍ አሁን በሩ ተከፍቶ ሰው የሚገባ መሰለኝ። ማንም አልገባም። ሰውዬው «ጥሩ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ቀጠሩኝ። ቤት ገብቼ ለአባባ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ጥፋትሽን ነግረሻቸው ነው የቀጠሩሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል።»

«እኔም እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለ።

የጮህኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስልኬን በአገጩ አመለከተኝ።

«እስቲ በዚህ ነገር ለእኔም ጻፊልኝ። ሥራውን መልሱልኝ አላልኩም። ለምን እንዳባረሩኝ ብቻ ይንገሩኝ።»

መጋዘኑ ከፈረሰ ቆይቷል። ያ ቢሮ የለም፤ ያ መንግሥት የለም። አባባ ግን መነጽሩን አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ስልኩን ከፈትኩና የተቀባዩ አድራሻ የሚሞላበት ቦታ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።